ሐታሙ ተመልሶ እንዳይጠይቅ፦ ለአዲስ የንግድ ቤት የእሳት መድን የሚላከው ኢሜይል ምን መያዝ አለበት?

ዛሬ የምናየው ብዙ ሰው የማያየውን አንድ ወረቀት ነው። የንግድ ቤት ለመክፈት የእሳት መድን (ቢቱዋሕ) ስትጠይቁ፣ ወኪሉ (ሶኼን) ዋጋውን ከራሱ አያወጣም። ለመድን ድርጅቱ ኢሜይል ይጽፋል። ኢሜይሉን የሚያነበው ሰው በዕብራይስጥ ሐታም ይባላል፤ ሥራው አደጋውን መዝኖ "እንቀበላለን" ወይም "አንቀበልም" ማለትና ዋጋ መቁረጥ ነው። ሐታሙ የእናንተን ሱቅ አያውቀውም፣ እናንተንም አይቷችሁ አያውቅም። የሚያውቀው ኢሜይሉ የነገረውን ብቻ ነው። ኢሜይሉ ጎዶሎ ከሆነ ዋጋው ይዘገያል። ኢሜይሉ የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው እሳት ከተነሣ በኋላ ነው።

እኔ በአንድ የመድን ወኪል ቢሮ ለብዙ ዓመታት እነዚህን ኢሜይሎች ስጽፍ ኖሬአለሁ። አሁን ከልጆቻችን መካከል በእንዲህ ያለ ቢሮ ሬፌሬንት ሆነው የሚሠሩ ስላሉ፣ ጽሑፉ ለእነርሱም ይጠቅማል። ይበልጥ የጻፍኩት ግን የራሳቸው ሥራ ላላቸው ወይም ለመክፈት ላሰቡ ወላጆች ነው። በኢሜይሉ ውስጥ የሚገባው ነገር ሁሉ የሚገኘው ከእናንተ አፍ ነውና።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት እናት ለብዙ ዓመት በትንሽ ቤት እንጀራ ጋግረው ለሱቆች ሲያከፋፍሉ ቆይተው፣ ሥራው ሲሰፋ በኢንዱስትሪ ሰፈር 280 ካሬ ሜትር አዳራሽ ተከራዩ እንበል። የኪራይ ውሉ "የመድን ማረጋገጫ ሳታመጪ ቁልፍ አይሰጥም" ይላል። ለማሽን ያበደረው ባንክም እንዲሁ ይጠይቃል። ቁልፍ የሚረከቡት ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ነው፤ የአሮጌው ቤት ኪራይ በዚያው ሳምንት ያልቃል። መድኑ ከዘገየ መጋገሪያ የላቸውም፣ ደንበኞቻቸውም ሌላ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ወኪል ለሐታሙ የጻፈው ሦስት መስመር ነበር፦ "ለእንጀራ መጋገሪያ የእሳት መድን ዋጋ እባክህ። መጠኑ 700,000 ሸቄል። አስቸኳይ ነው።" ሐታሙ ከሦስት ቀን በኋላ መለሰ፤ መልሱ ግን ስድስት ጥያቄ ነበር። ወኪሉ ለእሳቸው ደወለ፣ የግማሹን መልስ አገኘ፣ ላከ። ከሁለት ቀን በኋላ አራት አዲስ ጥያቄ መጣ። እንዲህ ሲባል ስምንት የሥራ ቀን አለፈና ዋጋ የሚባል ነገር አልመጣም። እሳቸው "ኢትዮጵያዊት ስለሆንኩ ነው የሚያመላልሱኝ" ብለው አዘኑ። እንደዚያ የሚያስብል ነገር በሕይወታችን ስላየን አልፈርድባቸውም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ምክንያቱ ሌላ ነበር። "አስቸኳይ" የሚለው ቃል ለሐታሙ ምንም አይነግረውም። ሐታሙ በቀን ብዙ ኢሜይል ይቀበላል። ሳይጠይቅ ሊወስነው የሚችለውን ያነሣና ይጨርሳል፤ ጥያቄ የሚያስፈልገውን ወደ ጎን ያደርጋል። መልሱ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ከወረፋው ጀርባ ይሰለፋል።

ስለዚህ ጥሩ ኢሜይል ማለት ሐታሙ አንብቦ ሲጨርስ የሚጠይቀው ጥያቄ የማይቀረው ነው። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የመጀመሪያው ጥያቄው "ማን ነው? የት ነው? ምን ፈለገ? እስከ መቼ?" ነው። ይህ በኢሜይሉ ርዕስና በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ማለቅ አለበት፦ አዲስ የእሳት መድን ጥያቄ መሆኑ፣ የድርጅቱ ስምና መለያ ቁጥር፣ ትክክለኛ አድራሻ ከነሕንፃውና ከነፎቁ፣ ሥራው፣ መድኑ የሚጀምርበት ቀን፣ ዋጋው የሚፈለግበት ቀን። አድራሻው "በኢንዱስትሪ ሰፈር" ብቻ ከሆነ አይበቃም። በአንድ ግቢ ውስጥ አሥር አዳራሽ ሊኖር ይችላል፤ ሐታሙም በዚያ ሕንፃ ውስጥ ድርጅቱ ከዚህ በፊት መድን የሰጣቸው ሌሎች ነጋዴዎች እንዳሉ ማየት ይፈልጋል። አንድ እሳት አምስት ደንበኛ አብሮ እንዳያቃጥልበት ይፈራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ግድግዳው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

የምሳሌያችን እናት ወደ ሁለተኛ ወኪል ቢሮ ሄዱ እንበል። እዚያ የምትሠራው ወጣት ልጅ "እማማ፣ አዳራሹ ከምን የተሠራ ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። "ከብሎኬት ነው" አሉ። "ሁሉም?" አለች። "ሁሉም።" ልጅቱ ግን አላቆመችም፦ "እንጀራው የሚቀዘቅዝበት ክፍል አለ? ግድግዳውን ሲያንኳኩት እንዴት ይላል?" እሳቸው አሰቡና "እንደ ቆርቆሮ ይላል፤ ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው" አሉ። ያ ግድግዳ በዕብራይስጥ ፓኔል ሜቡዳድ የሚባለው ነው፦ በሁለት ስስ ቆርቆሮ መካከል ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚከለክል ነገር የተሞላበት። የመሐሉ ነገር ምን እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ፖሊዩሬታን የሚባለው አረፋ ወይም ካልካር ከሆነ ይቀጣጠላል። እሳቱ በቆርቆሮው መካከል፣ ከውስጥ ይሄዳል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃ ቢረጩም ቆርቆሮው ይከልለዋል። ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ግድግዳውም ይፈርሳል። የመሐሉ ነገር ከድንጋይ የተሠራ ሱፍ (ጼሜር ሴላዒም) ከሆነ ግን አይቀጣጠልም።

ለሐታሙ በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። አዳራሹ ሙሉ በሙሉ በአረፋ ፓኔል የተሠራ ከሆነ አንዳንድ ድርጅት ጭራሽ አይቀበልም። ከ280 ካሬ ሜትር ውስጥ 12 ካሬ ሜትር ቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ከሆነና ከምጣዶቹ ከራቀ ግን ብዙ ጊዜ ይቀበላል። ስለዚህ "ፓኔል አለ" ማለት ብቻውን ጥያቄ ይወልዳል። ስንት ካሬ ሜትር፣ መሐሉ ምን፣ ከእሳቱ ቦታ ስንት ሜትር ይርቃል የሚለው አብሮ ከተጻፈ ጥያቄው እዚያው ያልቃል። የመሐሉን ነገር ካላወቃችሁ አከራዩን ወይም የገጠመውን ሰው ጠይቁ፤ ካልተገኘም "አልታወቀም" ብሎ መጻፍ ከመገመት ይሻላል። ሐታሙ "አልታወቀም" ሲያይ አረፋ ነው ብሎ ይቆርጣል፤ በኋላ የሚያረጋግጥ ወረቀት ከመጣ ዋጋውን ሊያሻሽለው ይችላል። በግምት "ብሎኬት ነው" ተብሎ ከተጻፈና መርማሪው (ሶኬር) መጥቶ ፓኔል ካገኘ ግን የተሰጠው ዋጋ ይሰረዛል።

ጣሪያውም እንዲሁ ነው፤ ኢስኩሪት የሚባለው ቆርቆሮ ነው ወይስ ኮንክሪት? ጣሪያው ላይ አከራዩ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ገጥሟል? ውስጥ የእንጨት ጋሌሪያ አለ? በምሳሌያችን ጋሌሪያ ነበረ፤ ማሸጊያ ካርቶን ተከምሮበት፣ ልክ ከምጣዶቹ በላይ። ልጅቱ ፎቶውን ስታይ "እማማ፣ ይህን ካርቶን ወደ ሌላው ጫፍ ማውረድ ይቻላል?" አለቻቸው። በሁለት ሰዓት ሥራ ተነሣ፤ ፎቶው እንደገና ተነሣና አዲሱ ተላከ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ አደጋው በእውነት ቀንሷል። ዳግም ወደ ቦታው መልሶ መከመር ግን ማጭበርበር ይሆናል።

ከግድግዳው ቀጥሎ ውስጡ የሚሠራው ሥራ ነው። "መጋገሪያ" የሚለው ቃል ለእስራኤላዊ ሐታም የሚያሳየው የጋዝ ምድጃና የጋለ ዘይት ነው። እንጀራን አያውቅም ይሆናል። ስለዚህ ኢሜይሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳው ይገባል፦ ሊጡ በውኃ የተቦካ ነው፣ በክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ይጋገራል፣ የሚነድ እሳት የለም፣ ጋዝ የለም፣ በጥልቅ ዘይት የሚጠበስ ነገር የለም። ይህችን ማብራሪያ ያልጻፈ ወኪል ደንበኛውን ለዶናት ጠባሽ በሚቆረጥ ዋጋ ያስከፍላል። ዱቄት ግን ይጠቀሳል፤ በአየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ ሊቀጣጠል እንደሚችል ሐታሙ ያውቃልና፣ ዱቄቱ የሚፈጨው እዚያው ነው ወይስ ተፈጭቶ በጆንያ ነው የሚመጣው ብሎ ይጠይቃል። በምሳሌያችን ተፈጭቶ ነው የሚመጣው። አንድ መስመር ነው፤ ግን አንድ ጥያቄ ይቀንሳል።

በእንጀራ ቤት ዋናው አደጋ ኤሌክትሪኩ ነው። አሥር ምጣድ፣ እያንዳንዱ 3.5 ኪሎዋት ቢወስድ፣ አብረው ሲሠሩ 35 ኪሎዋት ነው። ማቡኪያውና ቀዝቃዛ ክፍሉ ሲጨመሩ ወደ 40 ይጠጋል። ሦስት ፌዝ 63 አምፔር የሆነ መስመር የሚችለው 43 ኪሎዋት ገደማ ስለሆነ በጣም ተጠባብቧል፤ ሽቦና ማያያዣው ሌሊቱን ሙሉ ይግላል። ስለዚህ እናት መስመሩን ወደ 80 አምፔር አሳድገው፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሉዋሕ ሐሽማሉን መርምሮ ፈርሞላቸው ነበር። የፈረመው ወረቀት ከኢሜይሉ ጋር ተያይዞ ሄደ። የመጀመሪያው ወኪል ይህን ወረቀት አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር።

ሰዓቱም ይጻፋል። እሳቸው የሚጋግሩት ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሐታሙ የሌሊት ሥራን ብዙ አይጠላውም፤ ሰው ባለበት እሳት ቶሎ ይታያል። የሚያስጨንቀው ማንም በሌለበት ሰዓት የሚሠራ ማሽን ነው። ስለዚህ "የመጨረሻው ሰው ሲወጣ የምጣዶቹን ዋና ማብሪያ ያጠፋል፤ ሳይጠፋ የሚቀረው ቀዝቃዛ ክፍሉ ብቻ ነው" ተብሎ ተጻፈ።

መከላከያውን ባጭሩ ልለፈው። ማጥፊያዎቹ (ማታፊም) ስንት ናቸው፣ መቼ ተመረመሩ፤ የውኃ ቱቦው (ጋልገሎን) አለ ወይ፤ ጭስ የሚያሳውቅ መሣሪያ አለ ወይ፤ ካለስ ሌሊት ወደ ጥበቃ ማዕከል (ሞኬድ) ይደውላል ወይስ እዚያው ብቻ ይጮኻል? ከጣሪያ ውኃ የሚረጩ ስፕሪንክለሮች አሉ? የሌለ ነገር "የለም" ተብሎ ይጻፍ። ባዶ የተተወ መስመር ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል፤ "የለም" ግን መልስ ነው። የንግድ ፈቃዱ (ሪሽዮን ኤሴቅ) እና የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ማረጋገጫ ያለበት ደረጃም በዚሁ ይገለጻል፦ ተሰጥቷል፣ ወይም በዚህ ቀን ተጠይቋል።

ጎረቤት የሚረሳ ነገር ነው። እናት "የሰው ሥራ እኔን ምን አገባኝ?" አሉ። ግን የአዳራሻቸው አንዱ ግድግዳ ከእንጨት ሥራ ቤት (ናጋሪያ) ጋር የጋራ ነው። እዚያ መጋዝ፣ ቫርኒሽና የእንጨት ብናኝ አለ። እሳቱ ከዚያ ቢነሣ የሚቃጠለው የእሳቸው ዱቄት ነው። ሐታሙ ይህን ከካርታና ከፎቶ ሊያገኘው ይችላል፤ ራሱ ሲያገኘው "ሌላስ ምን ደብቀውኛል?" ይላል። በኢሜይሉ ላይ "በምሥራቅ በኩል ናጋሪያ አለ፤ መካከሉ እስከ ጣሪያ የደረሰ የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ ነው፣ በር የለውም" ተብሎ ሲጻፍ ግን መጥፎው ዜና ከነመልሱ ደረሰው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እናት ከነጋዴ ልማድ ተነሥተው ዕቃውን ዝቅ አድርገው ማስገመት ፈለጉ፦ "ማሽኖቹን ግማሹን ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ 400,000 በሉት፣ ፕሬሚያው ይቀንስልኛል።" ያንኑ ማሽን አዲስ ለመግዛት ግን 600,000 ሸቄል ያስፈልጋል፤ የጠየቁትም መድን የተቃጠለውን በአዲስ የሚተካ ነው። በ1981 የወጣው የእስራኤል የመድን ውል ሕግ እንዲህ ላለው ነገር መልስ አለው፦ መድን የተገባለት መጠን ከእውነተኛው ዋጋ ካነሰ፣ ካሳውም በዚያው ልክ ያንሳል። በቁጥር እንየው። እሳት ተነሥቶ የ150,000 ሸቄል ማሽን ብቻ ተቃጠለ እንበል። እናት "400,000 አስገብቻለሁ፣ 150,000 ይከፈለኛል" ብለው ያስባሉ። ድርጅቱ ግን 400,000 ለ600,000 ሲካፈል ሁለት ሦስተኛ ነው ይላል፤ ስለዚህ የሚከፍለው 100,000 ነው፣ ከዚያም ላይ ከራስ የሚከፈለው ድርሻ (ሂሽታትፉት አጽሚት) ይቀነሳል። በፕሬሚያ የቆጠቡት ትንሽ ገንዘብ 50,000 ሸቄል አስከፈላቸው።

ኢሜይሉ ደግሞ ገንዘቡን በአንድ ድምር አይጽፍም፤ ይከፋፍለዋል። ሕንፃው የአከራዩ ስለሆነ እሱ ያስገባዋል፤ ይህም ይጻፋል። የእናት ድርሻ ሦስት ነው፦ ማሽን 600,000፣ ለአዳራሹ ያወጡት ሥራ (ሴራሚክ፣ ኤሌክትሪክ፣ የአየር ማውጫ) 180,000፣ ዱቄትና ማሸጊያ 120,000። ጠቅላላው 900,000 ነው፤ የመጀመሪያው ወኪል የጻፈው 700,000 ከየት እንደመጣ እስካሁን አልገባኝም። የዱቄቱ ቁጥር ከበዓል በፊት መጋዘኑ ሲሞላ ያለው ነው እንጂ የዛሬው አይደለም። ከዚህ ተለይቶ፣ ከእሳት በኋላ ሥራ ቆሞ ለሚቀረው ገቢ ዋጋ ይጠየቅ እንደሆነ፣ የመሬት መንቀጥቀጥም ይግባ አይግባ በግልጽ ይጻፋል። አለበለዚያ ሐታሙ ይጠይቃል፣ ወይም ሳይጠይቅ ይተወዋል።

የመጨረሻው፣ ለመናገር የሚከብደው፣ ያለፈው አደጋ ነው። እናት ከአራት ዓመት በፊት በአሮጌው ቤት የአንድ ምጣድ ሽቦ ተቃጥሎ ትንሽ እሳት ተነሥቶ ነበር፤ የዚያን ጊዜ መድናቸው 18,000 ሸቄል ከፍሏል። "ይህን አትንገሪው፣ ያስወድድብኛል" አሏት። ልጅቱ አልተስማማችም፤ ልክ ነበረች። በዚያው ሕግ መሠረት ድርጅቱ ውል ከመደረጉ በፊት በጽሑፍ የጠየቀውን ዋና ጉዳይ ሁሉ በሙሉና በእውነት መመለስ ግዴታ ነው፤ ዋና መሆኑን እያወቁ ለማታለል መደበቅም እንደ ሐሰተኛ መልስ ይቆጠራል። ሐሰቱ ለማታለል ታስቦ ከሆነ ድርጅቱ ካሳ ከመክፈል ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችላል። ለዋጋው ፍጥነትም ቢሆን መደበቅ አይጠቅምም፤ ሐታሙ የቀድሞው ድርጅት የሚጽፈውን የካሳ ታሪክ ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቱ አስቀድሞ ከተያያዘ፣ ምክንያቱና የተደረገው ጥገናም ከተጻፈ፣ አንድ ትንሽ እሳት ብቻውን ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ምክንያቱ ያልታወቀ እሳት ነው።

ልጅቱ የላከችው ኢሜይል በዕብራይስጥ ነበር፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል።

"ርዕስ፦ አዲስ የእሳት መድን ጥያቄ፣ የእንጀራ መጋገሪያ፣ 900,000 ሸቄል፣ ከወሩ 1 ቀን ጀምሮ፣ ዋጋ እስከ ረቡዕ።

ሰላም፤ በተከራየ አዳራሽ ለሚከፈት የእንጀራ መጋገሪያ ለማሽን፣ ለግንባታ ሥራና ለዕቃ ዋጋ እንጠይቃለን፤ ሥራ ለሚቆምበት 12 ወርና ለመሬት መንቀጥቀጥ ዋጋው ለየብቻ ይሰጠን። ባለቤቷ በሥራው 14 ዓመት ቆይተዋል። ሙሉ አድራሻና የድርጅት ቁጥር ከታች አለ። ሕንፃውን አከራዩ ያስገባል።

ግንባታ፦ 280 ካሬ ሜትር፣ ምድር ቤት፣ ብሎኬት፣ የኢስኩሪት ጣሪያ። 12 ካሬ ሜትር ቀዝቃዛ ክፍል በፖሊዩሬታን ፓኔል የተሠራ፣ ከምጣዶቹ 9 ሜትር ይርቃል። ሌላ ፓኔል የለም። ባዶ የእንጨት ጋሌሪያ አለ። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኤሌክትሪክ የለም።

ሥራ፦ አሥር የኤሌክትሪክ ምጣድ። ጋዝ፣ የሚነድ እሳትና በዘይት መጥበስ የለም። ዱቄት ተፈጭቶ በጆንያ ይመጣል። ሥራው ሌሊት ነው፤ ሲወጡ የምጣዶቹ ዋና ማብሪያ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ መስመር 3 ፌዝ 80 አምፔር፤ የምርመራ ወረቀት ተያይዟል።

መከላከያ፦ ስድስት ማጥፊያ፣ አንድ የውኃ ቱቦ፣ ከሞኬድ ጋር የተገናኘ የጭስ ጠቋሚ። ስፕሪንክለር የለም። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ተጠይቋል፣ ገና አልተሰጠም።

ጎረቤት፦ በምሥራቅ ናጋሪያ፤ መካከሉ እስከ ጣሪያ የደረሰ የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት፣ በር የሌለው። በምዕራብ የልብስ መጋዘን፤ ግድግዳው ተመሳሳይ።

የካሳ ታሪክ፦ ከአራት ዓመት በፊት አንድ የሽቦ እሳት፣ 18,000 ሸቄል ተከፍሏል። ከዚያ ወዲህ ሽቦዎቹ ሁሉ ተቀይረዋል፤ እያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ማቋረጫ አለው። ሌላ አደጋ የለም። መድን የከለከላቸው ወይም የሰረዘባቸው ድርጅት የለም።

ገንዘብ፦ ማሽን 600,000 በአዲስ መተኪያ ዋጋ፤ የግንባታ ሥራ 180,000፤ ዕቃ 120,000 በከፍተኛው ወቅት። በማሽኖቹ ላይ ባንኩ ተጠቃሚ ሆኖ ይመዝገብ።

ተያይዟል፦ የተፈረመ የጥያቄ ቅጽ፣ የካሳ ታሪክ፣ የኤሌክትሪክ ወረቀት፣ የኪራይ ውሉ የመድን ክፍል፣ ስምንት ፎቶ።"

ከአንድ ገጽ አይበልጥም። መጥፎዎቹ ነገሮች፣ ማለትም ፓኔሉ፣ ናጋሪያው፣ አሮጌው እሳትና ያልመጣው ማረጋገጫ፣ ሁሉም በግልጽ አሉ፤ ከየአጠገባቸውም የተደረገው ነገር አለ። እንዲህ ያለ ኢሜይል ሐታሙ ከራሱ የሥልጣን ገደብ በላይ ሆኖበት ወደ አለቃው ቢልከው እንኳ፣ እንዳለ ማስተላለፍ ይችላል። ስምንቱ ፎቶዎችም የቆንጆ መግቢያ ፎቶዎች አይደሉም፦ ውጭው ከሁለት በኩል፣ ጣሪያው ከውስጥ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ምጣዶቹ፣ የዕቃው ክምር፣ ቀዝቃዛ ክፍሉ፣ ማጥፊያዎቹ ከነምርመራ ቀናቸው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ወጥመድ አለ፤ እናትም ሊገቡበት ነበር። ሁለት ወኪል ይዘው ነበርና ሁለቱም ለአንድ ድርጅት ጻፉ፤ አንዱ 700,000፣ ሌላዋ 900,000። ሐታሙ አንዱን አዳራሽ በሁለት ቁጥርና በሁለት ዓይነት ታሪክ ሲያየው ሁለቱንም አቆማቸው። ልጅቱ ደውላ ስትሰማ፣ እናት ለመጀመሪያው ወኪል "ከእንግዲህ በስሜ አትጠይቅ" የሚል አጭር ደብዳቤ ጻፉና ነገሩ ተፈታ። ዋጋ ማወዳደር መብታችሁ ነው፤ ግን አንድ ወኪል ወደ ብዙ ድርጅት አንድ ዓይነት ኢሜይል ይላክ፣ ወይም ሁለት ወኪል ከያዛችሁ የትኛው ወደ የትኛው ድርጅት እንደሚጽፍ አስቀድማችሁ ክፈሉላቸው።

ዋጋው ሲመጣ ታችኛውን ክፍል አስነብቡ። ብዙ ጊዜ "መርማሪ አይቶት፣ ማረጋገጫው በ30 ቀን ውስጥ መጥቶ" የሚል ሁኔታ አለበት። የዋጋ ወረቀት ፖሊሳ አይደለም። ድርጅቱ "ከዚህ ቀን ጀምሮ መድን ገብቷል" ብሎ በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድረስ አዳራሹ መድን የለውም። በምሳሌያችን ኢሜይሉ እሑድ ጠዋት ተላከ፣ ሐታሙ ሰኞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ጋሌሪያው ባዶ ሆኖ ይቆያል ወይ? እናት በጽሑፍ "አዎ" ብለው ፈረሙ። ዋጋው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ የጽሑፍ ማረጋገጫው ሐሙስ።